ካርቶኑ እንደ ጨርቅ ሲቀረጥ፦ ስለ ታሪፍ ምደባና ስለ ጉምሩክ ዋጋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጉምሩክ የዕቃ ፍተሻ፣ የታሪፍ ምደባና የዋጋ ትመና ሥራ ላይ ለምትገኙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
እንዲሁም በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ አስመጪዎችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች

ክቡራን፣

እኔ ኮምቦልቻ ተቀምጬ የምሠራ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ፤ ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ደግሞ የደሴ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በጨርቅ ጭነት ላይ ደጋግሞ የሚደርስ አንድ ዓይነት ስህተት ነው። የታሪፍ ምደባ ስህተትና የዋጋ ትመና ስህተት በአሠራራችን እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይታያሉ፤ የሚታዩትም በተለያዩ ባለሙያዎች ሲሆን የሚሰጣቸው ውሳኔና የሚቀርብባቸው አቤቱታም ለየብቻ ነው። በጨርቅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንደኛው ስህተት ሁለተኛውን ይወልዳል፤ ይባስ ብሎም አንደኛው ሲታረም የወለደው ሳይታረም ይቀራል። አስመጪውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይኸው በመሆኑ፣ ነገሩን በአንድ ጭነት ላይ ከሥር ጀምሬ ማሳየት እፈልጋለሁ። ጭነቱ የቀረበበትን የመቅረጫ ጣቢያና የአስመጪውን ማንነት አልጠቅስም፤ አሐዞቹንም ለስሌት እንዲመቹ አቃንቻቸዋለሁ።

ዕቃው ለተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሆን፣ 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ ያለበት፣ በአንድ ቀለም የተነከረ፣ በተራ ሽመና የተሸመነ ጨርቅ ነበር። በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 600 ጥቅል ተጭኗል፤ እያንዳንዱ ጥቅል 100 ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት አለው። የአንድ ጥቅል የተጣራ ክብደት 24 ኪሎ ሲሆን፣ ጨርቁ የተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦና የፕላስቲክ ሽፋኑ ሲደመሩ 26.1 ኪሎ ይሆናል። አስመጪው በሜትር 75 የአሜሪካ ሳንቲም ገዝቶታል፤ በጠቅላላው ለ60,000 ሜትር 45,000 ዶላር በባንክ ከፍሏል። ጭነቱ በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባ ሲሆን፣ ከጋላፊ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ እኛ ለመድረስ የቀረው የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ ብቻ ነበር።

በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ስያሜና ኮድ ሥርዓት፣ ማለትም ሁላችንም ኤችኤስ በምንለው ምደባ፣ እንዲህ ያለው ጨርቅ ሁለት ጎረቤት አርዕስት ይጠብቁታል። ከጥጥ ጋር የተደባለቀና የሰው ሠራሽ አጭር ጭረቱ ከ85 በመቶ በታች የሆነ ሽምን ጨርቅ፣ በካሬ ሜትር ከ170 ግራም የማይበልጥ ከሆነ በ5513፣ ከበለጠ ደግሞ በ5514 ይመደባል። በቀለም የተነከረና በተራ ሽመና የተሠራ የፖሊስተር ጨርቅ በመጀመሪያው አርዕስት 5513.21፣ በሁለተኛው 5514.21 ይሆናል። በሌላው ሁሉ አንድ ሆነው የሚለዩት በክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ላይ ባለሙያው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ሲሆን፣ መልሱም በሚዛን የሚገኝ እንጂ በግምት የሚሰጥ አይደለም።

አስመጪው ዕቃውን በ5513.21 አስመዘገበ። ዲክላራሲዮኑ በቀይ መስመር ወደቀና ዕቃው ተፈተሸ። ፈታሹ ከጥቅሎቹ አንዱን አስወርዶ በመጋዘኑ ሚዛን መዘነው፤ ሚዛኑ 26.1 ኪሎ አለ። ጥቅሉ 150 ካሬ ሜትር ጨርቅ ስለያዘ፣ 26.1 ኪሎ ለ150 ሲካፈል በካሬ ሜትር 174 ግራም ይወጣል። 174 ከ170 በላይ ነው፤ ስለዚህ የፍተሻ ሪፖርቱ ዕቃው በ5514.21 ሊመዘገብ ይገባው እንደነበር ገለጸ። በሂሳቡ ውስጥ የመደመርም ሆነ የማካፈል ስህተት የለም። ስህተቱ የተመዘነው ነገር ጨርቅ ብቻ አለመሆኑ ነው። የካርቶን ቱቦውና ፕላስቲኩ በአንድ ጥቅል 2.1 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ይህም በካሬ ሜትር 14 ግራም ማለት ነው። ያ ሲቀነስ 24 ኪሎ ለ150 ተካፍሎ 160 ግራም ይመጣል፤ ጨርቁም አስመጪው ባስመዘገበበት በ5513 ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ የሁለቱ አርዕስት የቀረጥ ልክ አንድ ከሆነ ኮዱ ቢለወጥ ምን ጉዳት አለው ሊል ይችላል። እኔም ይህን ክርክር ከነጋዴዎችም ከባለሙያዎችም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም በዋነኛነት ለእሱ መልስ ለመስጠት ነው። ኮድ የቀረጥ ልክ ማግኛ ብቻ አይደለም። በዋጋ መረጃ ቋት ውስጥ ያለፉት ጭነቶች ዋጋ የሚፈለገው በዚሁ ኮድ ነው። ባለሙያው ኮዱን ሲያስገባ ከዚህ ቀደም በዚያ ኮድ የተስተናገዱ ዕቃዎች ዋጋ፣ በጨርቅ ረገድ ብዙ ጊዜ በኪሎ ተሰልቶ፣ ይወጣለታል። ኮዱ ከተሳሳተ የሚወጣው የሌላ ዕቃ ዋጋ ነው፤ የተጠየቀውን ኮድ በትክክል ስለሚመልስ ግን ማንም ስህተት መሆኑን አይጠረጥርም።

በያዝነው ጉዳይ የሆነውም ይህ ነው። በ5514 ሥር የተገኘው መነሻ ዋጋ በኪሎ 4.20 ዶላር ነበር። አስመጪው የከፈለው 45,000 ዶላር ለ14,400 ኪሎ የተጣራ ክብደት ሲካፈል በኪሎ 3.125 ዶላር ስለሚሆን፣ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው። ባለሙያው የቀረበው ዋጋ ዝቅተኛ ነው ብሎ 4.20ን ተጠቀመ። ያበዛውም በተጣራው ክብደት ሳይሆን በፍተሻ ሪፖርቱ ላይ ባገኘው በጠቅላላው ክብደት፣ ማለትም በ15,660 ኪሎ ነው። ውጤቱ 65,772 ዶላር ሆነ። የጭነትና የመድን ወጪው በሁለቱም ስሌት ያው ስለሆነ ትቼዋለሁ። እንግዲህ 45,000 ዶላር የተገዛ ዕቃ በ20,772 ዶላር ከፍ አለ።

ይህን ልዩነት ከፋፍለን እንመልከተው። ትክክለኛው የተጣራ ክብደት ተይዞ የተሳሳተው ዋጋ ብቻ ቢሠራበት ኖሮ ዕቃው 60,480 ዶላር ይሆን ነበር፤ ስለዚህ 15,480 ዶላሩ የመጣው ከሌላ ኮድ በተወሰደው ዋጋ ነው። ቀሪው 5,292 ዶላር የካርቶን ቱቦና የፕላስቲክ ሽፋን በጨርቅ ዋጋ ተተምኖ የተገኘ ነው። አስመጪው በ1,260 ኪሎ ማሸጊያ ላይ በኪሎ 4.20 ዶላር ሂሳብ ቀረጥና ታክስ እንዲከፍል ተጠየቀ ማለት ነው።

ለስሌት ያህል የቀረጥ ልኩን በሁለቱም ኮድ 30 በመቶ ብንወስድ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ቀረጡና የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከተደመሩ በኋላ ባለው ድምር ላይ ይሰላል። ሦስቱ እንዲህ አንዱ በሌላው ላይ ሲነባበሩ ከዕቃው ዋጋ 64.45 በመቶ ይሆናሉ። በ20,772 ዶላር ላይ ይህ ከ13,000 ዶላር በላይ የሚመነዘር ብር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱን የተመዘገበ ነጋዴ በኋላ ሊያቀናንሰው ይችላል፤ ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን አይመለሱም፣ ጥሬ ገንዘቡም ዕቃው ከመውጣቱ በፊት መገኘት አለበት። ቅጣቱም የተሰላው ከዚሁ ልዩነት ተነስቶ ነው። በቅጣት ውሳኔው ላይ የተጻፈው ምክንያት ደግሞ ዕቃውን በተሳሳተ ታሪፍና ዝቅ ባለ ዋጋ ማስመዝገብ የሚል ነበር።

አስመጪው አቤቱታ አቀረበ፤ እኛም የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጨርቁ ራሱ ይመዘን። ከሦስት የተለያዩ ጥቅሎች፣ ከጠርዙ ገባ ተብሎ፣ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በመቀስ ተቆረጠ፤ የግራም መቶኛን በሚያሳይ አነስተኛ ሚዛንም ተመዘነ። ጠርዙ የተተወው እዚያ ድሩ ስለሚጠብቅና ክብደቱ ከመሐሉ ስለሚበልጥ ነው። ሦስቱ ቁራጮች 1.59፣ 1.61 እና 1.62 ግራም መዘኑ። አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የካሬ ሜትር መቶኛ ስለሆነ፣ በመቶ ሲባዙ 159፣ 161 እና 162 ግራም ይሰጣሉ። ቆርጦ ለመመዘን የፈጀው ጊዜ ሻይ ተፈልቶ ከሚጠጣበት አይበልጥም። አጣሪዎቹም ተቀበሉትና ኮዱ ወደ 5513.21 ተመለሰ።

ዋጋው ግን 65,772 ዶላር እንደሆነ ቀረ። የቀረበው አቤቱታ የታሪፍ ምደባን የሚመለከት ስለነበር የተወሰነውም በታሪፉ ላይ ብቻ ነው፤ ዋጋው በሌላ ባለሙያ የተወሰነ ሌላ ውሳኔ ነው ተባልን። 4.20 ዶላሩ የመጣው ከ5514 ነው፤ ዕቃው 5514 አይደለም ተብሎ በጽሑፍ ተወስኗል፤ ከ5514 የመጣው ዋጋ ግን በ5513 ዕቃ ላይ ተጭኖ ቆየ። በጠቅላላው ክብደት መባዛቱም እንዲሁ። ክቡራን፣ ከጉዳዩ ሁሉ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነጥብ ነው። የታሪፍ ውሳኔ ሲለወጥ በዚያ ታሪፍ ላይ የቆመው የዋጋ ውሳኔ መሠረቱን ስላጣ፣ ማንም ሳይጠይቅ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። አስመጪው ሁለተኛ አቤቱታ ጽፎ፣ ሁለተኛ ወረፋ ጠብቆ፣ በዚያው ስህተት ላይ እንደገና እንዲከራከር ማድረግ ስህተቱን ያደረሰው ወገን የማይከፍለውን ዋጋ ለተበዳዩ ማስከፈል ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የጉምሩክ ዋጋ በመጀመሪያ የሚወሰነው በግብይት ዋጋ፣ ማለትም ለዕቃው በተከፈለው ወይም ሊከፈል በሚገባው ዋጋ መሆኑን አስቀምጦ፣ ይህ ካልተቻለ ወደ አንድ ዓይነት ዕቃዎች ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎቹ ዘዴዎች በቅደም ተከተል እንዲኬድ ያደርጋል። ይህ ቅደም ተከተል በዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ስምምነቱ ጉምሩክ የቀረበለትን ዋጋ የመጠራጠርና ማስረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይቀበላል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ጥርጣሬ የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ የውሳኔ መጨረሻ አይደለም። አስመጪው ተጠይቆ፣ መልሱ ተመርምሮ፣ መልሱ ለምን አላጠገበም የሚለው ሳይነገር ከመረጃ ቋት የወጣ ዋጋ ከተለጠፈበት፣ ያ አሠራር ስሙ ምንም ይሁን ምን አነስተኛ ዋጋን አስቀድሞ መወሰን ነው። ስምምነቱም የመጨረሻውን አማራጭ ዘዴ ሲዘረዝር አስቀድሞ በተወሰኑ አነስተኛ የጉምሩክ ዋጋዎች፣ እንዲሁም በዘፈቀደ ወይም በፈጠራ በተቀመጡ ዋጋዎች መጠቀምን ይከለክላል።

ወደ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ መሄድ ቢያስፈልግ እንኳ መነሻው መመርመር ነበረበት። የ4.20 ዶላሩን ምንጭ በጽሑፍ ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ጉዳዩን ፈታው። ዋጋው የተወሰደው ለፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ልብስ ከሚሆን፣ በትዊል ሽመና ከተሠራና ዘይትና ውሃ እንዳያስገባ ልዩ ፊኒሺንግ ከተደረገለት ጨርቅ ነው። በኪሎ ውድ የሆነው በክብደቱ ሳይሆን በዚህ ሥራው ነው። የጨርቅ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ደግሞ በኪሎ የሚነገር ዋጋ ለጨርቅ ሁልጊዜ አሳሳች ነው፤ ጨርቅ የሚገዛው በሜትር ሲሆን የኪሎ ዋጋውን የሚወስኑት የክሩ ቅጥነት፣ የሽመናው ዓይነት፣ ማቅለሚያውና ፊኒሺንጉ ናቸው። ከዚህም ሌላ ንጽጽሩ በአንድ አገር ከተመረተ፣ በተቀራረበ ጊዜ ከተላከ፣ በግዢ መጠንና በንግድ ደረጃ ከሚቀራረብ ጭነት ጋር መሆን አለበት። ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ዋጋ ከተገኘም፣ በስምምነቱ መሠረት የሚያዘው ዝቅተኛው ነው። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ብዙ አስመጪዎች ስለማያውቁት ሳይጠይቁት ያልፋሉ።

አስመጪው የባንክ ክፍያ ማስረጃውን፣ ፕሮፎርማ ኢንቮይሱን፣ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ የተጻጻፈውን ደብዳቤና ዕቃው ከተነሳበት አገር የወጣበትን የላኪ ዲክላራሲዮን አቀረበ፤ በመጨረሻም የግብይት ዋጋው ተቀባይነት አግኝቶ ቅጣቱ ተነሳ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሕ ተገኝቷል። ይሁንና ሐምሌ ውስጥ የደረሰው ጨርቅ የወጣው ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ለተማሪ ደንብ ልብስ የሚሆን ጨርቅ በደሴ የሚሸጠው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚዋዋሉት፣ ቀለሙን የሚመርጡትና ጣቃውን የሚወስዱት በዚያ ጊዜ ነው። የአንዱ ትምህርት ቤት ቀለም ለሌላው ስለማይሆን የቀረው ጨርቅ ዓመት ይጠብቃል፤ ካልሆነም ከመግዣው በታች ይሸጣል። በዚህ ላይ የኮንቴይነር ዲመሬጁ፣ የማከማቻ ኪራዩና የባንክ ወለዱ አለ። ኮዱን የቀየረው ውሳኔ ስህተት እንደነበር ከተረጋገጠ በኋላ ከእነዚህ ወጪዎች አንዱንም የመለሰ ወገን አልነበረም። ቅጣቱ ቢነሳም በአስመጪው መዝገብ ላይ ያሳደረው ጥላ በቀጣይ ጭነቶቹ የስጋት ደረጃ ላይ እንዳይቆጠርበት እንዲጠፋለት መጠየቁም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ሆኗል።

ከዚህ ተነስቼ ለባለሙያዎቹና ለኃላፊዎቹ የማቀርበው ጥያቄ ሰፊ አይደለም። የታሪፍ ልዩነቱ በካሬ ሜትር ክብደት ላይ ብቻ የቆመ ሲሆን፣ የፍተሻ ሪፖርቱ ክብደቱ እንዴት እንደተገኘ ይጻፍበት፤ ከስንት ጥቅል እንደተቆረጠ፣ ቁራጩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና ስንት ግራም እንደመዘነ። ጥቅል መዝኖ ማካፈል የሚፈቀድ ከሆነ ቱቦውና ሽፋኑ ተመዝነው መቀነሳቸው ይታይበት። ለዚህ የሚበቃ ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም፤ ጨርቅ በሚስተናገድበት ጣቢያ ሁሉ አንድ ቢኖር ከአንድ ጭነት ክርክር ያነሰ ገንዘብ ነው የሚፈጀው። ገደቡንም ልጥቀስ፦ ክብደቱ ወደ 170 በጣም የተጠጋ፣ 168 ወይም 171 የሚመዝን ጨርቅ ከሆነ በጣቢያው ሚዛን መወሰን አይበቃም። ጥጥ ከአየር እርጥበት ይወስዳል፤ በክረምት የተመዘነና በበጋ የተመዘነ ጨርቅ ጥቂት ግራም ሊለያይ ስለሚችል፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በተወሰነ ላቦራቶሪ መመዘን አለበት። የፖሊስተርና የጥጡ ድርሻ ካከራከረም እንዲሁ፤ ጥጡን በአሲድ አሟሙቶ ቀሪውን ፖሊስተር መመዘን የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ በእጅ በመዳሰስ ወይም በእሳት በማቃጠል መቶኛ አይታወቅም። በእኛ ጉዳይ ግን ጨርቁ ከገደቡ ስምንት ግራምና ከዚያ በላይ ይርቅ ስለነበር ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቅጣትን ይመለከታል። ዕቃውን በሐሰት ያስመዘገበና ዕቃውን በትክክል ገልጾ በኮዱ ላይ ከባለሙያው ጋር የተለያየ ሰው በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። ኢንቮይሱ ላይ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ፣ 160 ግራም በካሬ ሜትር ብሎ የጻፈ አስመጪ ጉምሩክ ለመወሰን የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ ሰጥቷል። ባለሙያው በዚያ መረጃ ላይ ሌላ ኮድ ይገባዋል ቢል እንኳ፣ ልዩነቱን ማስከፈል አንድ ነገር ሲሆን መቅጣት ሌላ ነው። ቅጣት መረጃ ለሸሸገ ይሁን። ክርክሩ እስኪያልቅም ያላከራከረው ቀረጥ ተከፍሎ፣ ለሚያከራክረው ልዩነት የባንክ ዋስትና ተይዞ ዕቃው ቢለቀቅ የመንግሥት ገቢ አይጎድልም፣ የነጋዴውም ወቅት አያልፍም። የዋጋ ትመና ስምምነቱ በዋጋ ውሳኔ መዘግየት ምክንያት ዕቃ እንዳይያዝ በዋስትና የመልቀቅን መንገድ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ዕቃው ቢለቀቅም ናሙናው፣ ኢንቮይሱና ዋስትናው በእጅ ስለሚቀር ክርክሩ ያለ ኮንቴይነሩ ሊቀጥል ይችላል።

አሁን ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ነጋዴዎች ልመለስ፤ ይህን የምላችሁ ከባለሙያዎቹ ጥርጣሬ ውስጥ ምክንያት ያለው ብዙ ስለሆነ ነው። ኢንቮይስ ላይ ጨርቅ ብሎ አልፎ ክብደቱንም፣ ድብልቁንም፣ ሽመናውንም ሳይጠቅስ የሚመጣ ጭነት ብዙ አያለሁ። ዋጋውን በእውነት ዝቅ አድርገው የሚያቀርቡም አሉ፤ በእነሱ ምክንያት ሐቀኛው ተጠርጣሪ ሆኗል፣ ይህን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉ የሚከተሉት ነገሮች ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ እንዲጻፉ አድርጉ፦ የድብልቁ መቶኛ፣ ክሩ ከአጭር ጭረት የተፈተለ ወይም ፊላመንት መሆኑ፣ የሽመናው ዓይነት፣ የተነከረ ወይም የታተመ መሆኑ፣ ስፋቱ፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነና የእያንዳንዱ ጥቅል የተጣራ ክብደት ከጠቅላላው ተለይቶ። ፊላመንት የሆነው ጨርቅ ወደ ምዕራፍ 54 ስለሚሄድ፣ ይህች አንዲት ቃል ባለመጻፏ ብቻ ዕቃው የሚመደብበት ምዕራፍ ሊያከራክር ይችላል። ከፋብሪካው የሙከራ ውጤት የሚባለውን ወረቀት አንድ ገጽም ቢሆን አስልኩ። የተጣራ ክብደት በካሬ ሜትር ስታካፍሉት ኢንቮይሱ ላይ ከተጻፈው ግራም ጋር የማይገናኝ ከሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሻጩን ጠይቁት፤ ፈታሹ የሚያገኘው ያንኑ ስለሆነ።

ዲክላራሲዮን የምትሞሉ የሥራ ባልደረቦቼም ብትሆኑ፣ ውሳኔ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ክፍያውን ሳይሆን ክብደቱን ተመልከቱ። የተጨመረው ዋጋ በኪሎ ከተሰላ፣ ውሳኔው ላይ ያለውን ጠቅላላ ዋጋ በኪሎው ዋጋ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ከፓኪንግ ሊስቱ የተጣራ ክብደት ጋር ካልገጠመና ከጠቅላላው ክብደት ጋር ከገጠመ ማሸጊያው ተቀርጧል። ከዚያ የኪሎው ዋጋ የተወሰደበትን ኮድ በጽሑፍ ጠይቁ። አቤቱታ ስታቀርቡም ታሪፉንና ዋጋውን በአንድ ጽሑፍ አጣምራችሁ፣ ዋጋው ከተለወጠው ኮድ የመነጨ መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ አንደኛው ታርሞ ሁለተኛው እንዳይቀር።

ለኃላፊዎቹ በመጨረሻ የማነሳው የቅድመ ውሳኔን ጉዳይ ነው። አስመጪ ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ናሙናና የሙከራ ውጤት አቅርቦ ኮዱን በጽሑፍ የሚያስወስንበትና ውሳኔውም በየጣቢያው ሁሉ የሚከበርበት አሠራር በጨርቅ ላይ በተግባር ቢውል፣ ከላይ የዘረዘርኩት ክርክር ገና ጅቡቲ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። የደሴ ጨርቅ ነጋዴዎች ለቀጣዩ የትምህርት ዘመን የሚያዝዙት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ናሙና ይዘው ለሚመጡ አስመጪዎች ኮዱንና ክብደቱ የተለካበትን ዘዴ የያዘ ውሳኔ እንዲሰጣቸው፣ ያ ውሳኔም ሐምሌ ላይ በሚፈትሸው ባለሙያ እጅ እንዲደርስ እንድታደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ኮምቦልቻ